«ተከፍሎኝ ነው» የምትለዋ መስመር እንዴት ትሠራለች?

ስልካችሁን አንሡና ዛሬ ካያችኋቸው ቪዲዮዎች አንዱን መልሳችሁ ክፈቱ፤ አንድ ሰው ስለ ሻምፖ፣ ስለ ምጣድ ወይም ስለ ገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ ደስ ብሎት የሚያወራበትን። ከስሙ አጠገብ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ? Paid partnership የሚል፣ ወይም «ስፖንሰር» የሚል? አብዛኞቻችን በየቀኑ በአውራ ጣት ገፋ አድርገን እናልፋታለን። ግን የሰውየውን ቃል ምን ያህል እንደምናምነው የምንወስነው በእሷ ነው።

ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ከዚህ በታች ያሉትን ሙከራዎች በራሳችሁ ፖስት ላይ ሞክሯቸው። ተመልካች ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ በምትወዱት ሰው ፖስት ላይ ሞክሯቸው።

መጀመሪያ መስመሯ ምን እንደምትሠራ እንይ። ቤት ስትከራዩ ደላላው «እንዲህ ያለ ቤት ከየትም አታገኙም» ቢላችሁ አትቀየሙትም። ኮሚሽን እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ከሚለው ላይ የሚቀነሰውን ቀንሳችሁ የቀረውን ትይዛላችሁ። «ውኃ አይጠፋም» ሲላችሁ ቧንቧውን ከፍታችሁ ታያላችሁ። ያንኑ ቃል ጎረቤታችሁ ቢነግራችሁ ግን ቧንቧ አትከፍቱም። ጎረቤታችሁ ከአከራዩ ኮሚሽን እንደተቀበለ ከወራት በኋላ ብትሰሙስ? የምትጠራጠሩት ስለ ቤቱ የነገራችሁን ብቻ አይሆንም። የጠቆማችሁን ሐኪም፣ ያመሰገነላችሁን መካኒክ፣ ሁሉንም እንደገና መመዘን ትጀምራላችሁ።

የመስመሯ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። በጊዜ ከተነገረች ተመልካቹ የሚቀንሰውን ራሱ ይቀንሳል፤ ቅናሹም በዚያ በአንዱ ቪዲዮ ላይ ያበቃል። ተደብቃ ቆይታ ከታወቀች ግን ቅናሹ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንም ሳይከፍላችሁ የሠራችኋቸውን ቪዲዮዎች ሁሉ ይነካል። ስለዚህ ከምስጋናው በፊት መድረስ አለባት። ተመልካቹ ቃላችሁን ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑን መያዝ አለበት።

አሁን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ምግብ አሠራር በአማርኛ የምታሳይ ሴት አለች እንበል። አዲስ አበባ ትኖራለች፤ ከተከታዮቿ ብዙዎቹ አገር ቤት ናቸው፣ ቀላል የማይባሉት ደግሞ አሜሪካ። አንድ ሱቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ በነፃ ላከላት። ለአንድ ቪዲዮ 15,000 ብር ከፈላት። ከዚህ ሌላ ሰው በእሷ ኮድ ሲገዛ ከእያንዳንዱ ምጣድ 300 ብር ታገኛለች። ልብ በሉ፤ ጥቅሟ ሦስት ዓይነት ነው፦ ዕቃው፣ ክፍያው፣ ኮሚሽኑ።

ከቪዲዮው ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«እንጀራ መጋገር ለሰለቻችሁ እህቶቼ! ይህን ምጣድ ካገኘሁ ወዲህ ጭስ የለ፣ ማጎንበስ የለ፣ እንጀራዬም ዓይን በዓይን ሆኗል። ቅናሽ እንድታገኙ ኮዴን ተጠቀሙ። ከሱቁ ጋር በመተባበር የቀረበ። #እንጀራ #ምጣድ #ad #አበሻ»

አልዋሸችም። «በመተባበር» ብላለች፣ #ad የሚለውንም አስገብታለች። ሆኖም መስመሯ አትሠራም። ለምን እንደማትሠራ ለማየት ሦስት ትንንሽ ሙከራዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ፖስቱን በራሳችሁ ስልክ ሳይሆን በሌላ ሰው ስልክ ላይ ክፈቱትና ምንም ሳትነኩ ተመልከቱት። ኢንስታግራም ከጽሑፉ የመጀመሪያውን መስመር ወይም ሁለቱን ብቻ አሳይቶ ቀሪውን more ከምትለው ቃል ጀርባ ያስቀምጠዋል። ቲክቶክም እንዲሁ ያጥፈዋል። ከእኛ ምሳሌ የሚታየው «እንጀራ መጋገር ለሰለቻችሁ እህቶቼ! ይህን ምጣድ ካገኘሁ ወዲህ...» የሚለው ነው። ምስጋናው ከበሩ ውጭ ቆሟል፤ ክፍያው ጓዳ ገብቷል።

ይህ ትልልቅ ድርጅቶችንም ያስጠየቀ ጉዳይ ነው። ዋርነር ብራዘርስ በ2014 እ.ኤ.አ. «ሻዶው ኦቭ ሞርዶር» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ሲያወጣ፣ በዩቲዩብ ታዋቂ ለሆኑ ተጫዋቾች ከፍሎ ቪዲዮ አሠርቷል። መከፈላቸው አልተደበቀም ለማለት ይቻል ነበር፤ ከቪዲዮው ሥር ባለው የማብራሪያ ሳጥን ውስጥ ተጽፏልና። ግን በአብዛኞቹ ላይ ጽሑፉ የሚታየው Show more የሚለውን ለተጫነ ሰው ብቻ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ተመልካችን አሳስቷል ብሎ ከሰሰው፤ ጉዳዩም በስምምነት ተዘጋ። ቪዲዮዎቹ በዚያ ጊዜ ከ5 ሚሊዮን በላይ ጊዜ ታይተው ነበር። ከዚያ ሁሉ ተመልካች ስንቱ ማብራሪያውን ዘርግቶ ያነባል? እናንተስ ለመጨረሻ ጊዜ የዘረጋችሁት መቼ ነው?

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መስመሯን የጽሑፉ የመጀመሪያ ቃል አድርጓት። የሚታጠፈው ምስጋናው ይሁን።

ሁለተኛው ሙከራ ቪዲዮውን ለሁለት መክፈል ነው። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው እንዲህ ነው። ቀጥሎ ድምፁን ከፍታችሁ ስክሪኑን በመዳፋችሁ ሸፍኑት፤ ሽንኩርት እየከተፈ ስልኩን መደርደሪያ ላይ ያቆመ ሰው የሚሰማው እንዲህ ነው። በሁለቱም ጊዜ መከፈሏን አወቃችሁ? የንግድ ኮሚሽኑ ለይዘት ፈጣሪዎች ያወጣው መመሪያ ምስጋናው በቪዲዮ ከሆነ መግለጫውም ቪዲዮው ውስጥ መሆን አለበት፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም ይላል። የሚሻለው በድምፅም በጽሑፍም ማድረግ ነው። ላይቭ ላይ ደግሞ ሰው በየመሀሉ ስለሚገባ በየተወሰነ ጊዜ መደገም አለበት።

በስክሪን ላይ የሚጻፈው ነገር በሦስት መንገድ ይሞታል። ቲክቶክ ከታች ጽሑፉን፣ ከቀኝ በኩል የልብና የኮሜንት ምልክቶቹን ስለሚደርብ እዚያ የተጻፈ ነገር ይሸፈናል። ነጭ ፊደል ነጭ ሊጥ ላይ አይነበብም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ቶሎ መጥፋቱ ነው፤ ጽሑፉን እናንተ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ካልጨረሳችሁ ለሌላው ሰውም አይደርስም። እናንተ የጻፋችሁት ስለሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ተመልካቹ ግን ገና ከምጣዱ ላይ ዓይኑን እያነሣ ነው።

ሦስተኛውን ሙከራ ለማድረግ ሌላ ሰው ያስፈልጋችኋል። ፖስቱን ለእናታችሁ ወይም ለጎረቤት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አሳዩና ስልኩን መልሳችሁ ውሰዱ። ከዚያ «እማዬ፣ ልጅቷ ይህን ያለችው ለምን ይመስልሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው «ማስታወቂያ ነው ወይ?» እንዳይሆን፤ መልሱን ታስይዟታላችሁ።

#ad የሚለውን በአራት ሃሽታግ መሀል ያየችው እናት «ምጣዱን ወዳው» ትላለች። እንዲህ ብትል አይፈረድባትም። ቪዲዮው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአማርኛ ነው፤ ከውስጡ አንዷ ቃል ብቻ፣ ያቺው ዋናዋ፣ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ፊደል፣ በሁለት ሆሄ ተጽፋለች። ስለዚህ ነው የአሜሪካው መመሪያ መግለጫው ከምስጋናው ጋር በአንድ ቋንቋ ይሁን የሚለው። በአማርኛ ካመሰገናችሁ በአማርኛ ተናገሩ።

መመሪያው ለእኛም ቅርብ ነው። ኮሚሽኑ እንደሚለው ፖስቱ የአሜሪካን ሸማቾች ሊነካ እንደሚችል በምክንያት የሚገመት ከሆነ፣ ከውጭ አገር የተለጠፈም ቢሆን የአሜሪካ ሕግ ይመለከተዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላሉ ተከታዮቿ «ወደ አሜሪካም እንልካለን» የምትል ሴት አዲስ አበባ መቀመጧ ብቻውን ከዚያ አያወጣትም። አገር ቤትም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

«ከሱቁ ጋር በመተባበር» የሚለውስ? ይህ ቃል ከቴሌቪዥን የወረስነው ነው፣ ሲሰማም ያምራል። ለተመልካቹ ግን ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሄደ አይነግረውም። ሱቁ ሊጥ አዋጥቶ ይሆናል፣ ቦታ ሰጥቶ ይሆናል። «እናመሰግናለን» እና «አምባሳደር ነኝ» የሚሉትም ያው ናቸው፤ ከምስጋናው ጀርባ ክፍያ ይኑር አይኑር አይታወቅም። «ኮዴን ተጠቀሙ» የሚለው ደግሞ ተመልካቹ የሚያገኘውን ቅናሽ ብቻ ይነግረዋል፤ እሷ የምታገኘውን 300 ብር አይነግረውም። «ማስታወቂያ» እና «ተከፍሎኛል» ግን እናትም፣ ጎረቤትም፣ የአሥር ዓመት ልጅም የሚያውቋቸው ቃላት ናቸው። ሌላ ቃል ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

እንግዲህ ጽሑፏን እናስተካክለው፦

«ማስታወቂያ ነው። ሱቁ ይህን ምጣድ በነፃ ሰጥቶኛል፣ ለቪዲዮውም ከፍሎኛል። በኮዴ ስትገዙም ኮሚሽን አገኛለሁ። ሁለት ሳምንት ጋገርኩበት፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።»

በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ፣ ሊጡን ከማፍሰሷ በፊት፣ ወደ ካሜራው ቀና ብላ «ይህ ቪዲዮ ማስታወቂያ ነው፤ ተከፍሎኛል» ትላለች። ያው ቃል ከላይ በኩል በጥቁር መደብ ላይ ተጽፎ ይታያል። ስንት ብር እንደተከፈላት መናገር አይጠበቅባትም፤ ለተመልካቹ ሚዛን የሚያስፈልገው መከፈሏን ማወቁ ነው። ዕቃ ብቻ ተሰጥቷት ገንዘብ ባይከፈላትም ይህንኑ መናገር ይገባታል፤ ምጣዱን በገንዘቡ የገዛ ሰው የሚሰማው ቅሬታ በነፃ ለወሰደው አይሰማውምና።

ገንዘብ የሚያስቀምጡበት ወይም የሚያተርፉበት ነገር ሲተዋወቅ ግን የአሜሪካ ሕግ ጠበቅ ይላል። ኪም ካርዳሺያን ኢቴሪየምማክስ የተባለውን የክሪፕቶ ገንዘብ በኢንስታግራም ስታስተዋውቅ #AD ብላ ጽፋ ነበር። የአገሪቱ የዋስትናና ልውውጥ ኮሚሽን ግን ለዚያ ፖስት 250,000 ዶላር እንደተከፈላት አልገለጸችም አለ። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ክሱን ሳታምንም ሳትክድም 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ማስታወቂያ ነው ማለት ብቻ አልበቃም፤ ስንት እንደተከፈለም መነገር ነበረበት። «በሳምንት እጥፍ ይሆናል» የሚል ኮይን እንድታስተዋውቁ ብር ይዞ የመጣባችሁ ሰው ካለ ይህን አስታውሱ።

ወደ ምጣዱ እንመለስ። «መተግበሪያው ራሱ ምልክት ያደርግልኝ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ያደርጋል። ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት የምታበሩት ማብሪያ አለ፤ Paid partnership የሚለውን ያወጣል። ዩቲዩብ ላይም ሳጥኑ ላይ ምልክት ስታደርጉ Includes paid promotion የሚል ጽሑፍ በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ለ10 ሰከንድ ይታያል። አብሩት፤ መድረኮቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ግን አሁን ደግሞ አንድ ሙከራ አድርጉ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

ማብሪያው የበራበትን የራሳችሁን ቪዲዮ ከቲክቶክ አውርዳችሁ በቴሌግራም ለቤተሰብ ግሩፕ ላኩት። ከዚያ እዚያው ግሩፕ ውስጥ ክፈቱት። Paid partnership የሚለው የት ሄደ? የለም። ምልክቱን ቪዲዮው ላይ የሚደርበው መተግበሪያው ነው እንጂ ቪዲዮው ውስጥ አልነበረም። ቪዲዮው ከቤቱ ሲወጣ ምልክቱ እዚያው ይቀራል። የእኛ ሰው ደግሞ ቪዲዮ አውርዶ መላክ ይወዳል፤ አክስት ለእህት ልጅ፣ የእህት ልጅ ለማኅበር ግሩፕ። ምጣዱን የሚገዛው ሰው ምናልባት ቲክቶክ እንኳ የለውም።

በአፍ የተነገረችውና ቪዲዮው ላይ የተጻፈችው መስመር ግን አብራ ትሄዳለች። ቪዲዮው በሦስት እጅ ቢተላለፍም አትወድቅም። ቴሌግራም ላይ በጽሑፍ ብቻ የምታስተዋውቁ ከሆነ ደግሞ መስመሯ ከስልክ ቁጥሩና ከዋጋው ጋር በአንድ መልእክት ውስጥ ትሁን። ለብቻዋ በሌላ መልእክት ብትልኳት ሰው ዋጋውን ብቻ መርጦ ያስተላልፍና እሷ ትቀራለች።

መስመሯ ቦታዋን ካገኘች በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል፤ እሱም ካሜራው ከመከፈቱ በፊት፣ ከሱቁ ጋር በስልክ የሚያልቅ ነው። ሱቆች ብዙ ጊዜ «ማስታወቂያ የሚለውን መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ ሰው ያልፈዋል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ጥቂት ሰው ያልፋል። ያ ሰው ግን ማስታወቂያ መሆኑን እያወቀ ማየት የማይፈልግ ሰው ነው፤ በማታለል ብቻ የሚቆይ ተመልካች ደግሞ እሷ የምትሸጠው ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡን ከመቀበሏ በፊት ሁለት ነገር ትስማማ፦ መስመሯ መጀመሪያ ላይ እንደምትሆን፣ ያየችውን ጉድለትም እንደምትናገር። ሱቁ ቪዲዮውን ቀድሞ ቢያይ ችግር የለውም፤ ዋጋውን ወይም የዋስትናውን ጊዜ ተሳስታ ከሆነ ያርማት። ጉድለቱን ግን አያስወጣም።

በሁለቱ ሳምንት ምን አየች? ምጣዱ መሀሉ ቶሎ ይግላል፣ ዳሩ ይዘገያል። እስከ ሦስተኛዋ እንጀራ ድረስ ዳሯ ዓይን አላወጣም፤ አክንባሎውን ደፍታ ትንሽ ካቆየችው በኋላ ነው የተስተካከለው። ይህን ስትናገር ተመልካቹ ሌላውንም ምስጋና ማመን ይችላል፤ ገንዘቡ አፏን እንዳልዘጋው አይቷልና። «ማስታወቂያ ነው» ብሎ ጀምሮ እንከን የለሽ ውዳሴ የሚያወርድ ሰው መስመሯን አስቀምጧል እንጂ አላሠራትም።

ሱቁ ደግሞ «መብራት በግማሽ ይቆጥባል በይልን» አላት እንበል። ይህ እንግዲህ ከሱቁ የመጣ ቃል ነው። ከምን በግማሽ? ማን ለካው? የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ወደ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ ቆጣሪው ደግሞ ግድግዳው ላይ አለ። ፍሪጁንና ሌላውን ሁሉ ንቀሉ፣ ከመጋገራችሁ በፊት ቆጣሪውን አንብቡ፣ ሃያ እንጀራ ጋግሩና እንደገና አንብቡ። በሌላ ቀን በሌላ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በዚያው ሊጥ፣ ሃያ እንጀራ። የሚነገረው ልዩነት ያ ነው። ግማሽ ካልሆነ ግማሽ አትበል። ያልለካችውን ብትናገር «ተከፍሎኛል» ማለቷ አያድናትም፤ መስመሯ ክፍያን ታሳውቃለች እንጂ ውሸትን አታጥብም።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ መስመሯ መሥራቷን በምን ታውቃላችሁ? ላይክ አይነግራችሁም። ኮሜንቶቹን አንብቡ። «ተከፍሎሽ ነው እንዴ?» የሚል ከመጣ፣ ያ ሰው ሊሰድባችሁ አልመጣም፤ መስመሯ አልደረሰችውም። ሁለት ሦስት ሰው ከጠየቀ ቦታዋ ወይም ቃሏ ተሳስቷል ማለት ነው። ኮሜንቱን አታጥፉት። «አዎ፣ ተከፍሎኛል፤ ምጣዱንም በነፃ ነው ያገኘሁት» ብላችሁ መልሱና መልሱን ከላይ ፒን አድርጉት፤ የፖስቱ ጽሑፍ መታረም የሚችል ከሆነም የመጀመሪያውን መስመር አሁኑኑ አርሙ። የሚመጡት ጥያቄዎች «ዳሩን በጎመን ዘር ደጋግሜ ባስሰው ይሻለው ይሆን?» ዓይነት ከሆኑ ግን ወሬው ወደ ምጣዱ ተመልሷል፤ ቁጭ ብላችሁ መልሱላቸው።